«ሆዴን አመመኝ» ያለ ልጅ ሁሉ አያስመስልም

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ሁለታችን በተመደብንበት ሁለተኛ ክፍል አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሆዷን ይዛ «ቲቸር፣ ሆዴን!» አለች። ሰሌዳው ላይ የሒሳብ ፈተና ተጽፏል። እኛም «ፈተና ሲመጣ ሆድ ይታመማል» ብለን ቁጭ በይ አልናት። ብዙም ሳይቆይ ደብተሯ ላይ አስመለሳት። በማግስቱ ገመድ ስትዘል አየናትና «አላልንም? ይኸው ደህና ነች» ተባባልን። ተሳስተን ነበር። ይህን የምንጽፈውም ሌላው ዕጩ መምህር ስሕተታችንን እንዳይደግም ነው።

በልምምዱ ሦስት ወራት ሕመሙ አራት ጊዜ ተነሣባት። ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ ቀኑንና ሰዓቱን በማስታወሻ ደብተር ያዝን። አራቱም አንድ ዓይነት ነበሩ። በመጀመሪያ ፊቷ አመድ ይመስላል፤ ቀጥሎ እምብርቷ አካባቢ ያማታል፤ ከዚያ ያስመልሳታል፤ ብርሃን ትሸሻለች፤ ምግብ አታይም። ለጥቂት ሰዓታት ከተኛች በኋላ ምንም እንዳልነካት ሆና ትነሣለች። ከአራቱ ሁለቱ የዋሉት በስፖርት ቀን ነው። ስፖርት ደግሞ ልጅቷ የምትወደው ትምህርት ነበር። ታዲያ ከምን ልታመልጥ ታስመስላለች?

እናቷን ስናነጋግር «የወስፋት መድኃኒት ስንት ጊዜ አጠጣኋት መሰላችሁ፤ ምንም አልረዳት» አሉን። ስለራሳቸውም ሲናገሩ «እኔንም በልጅነቴ እንዲሁ ያደርገኝ ነበር። አሁን ሆዴን ትቶ ራሴን በአንድ ወገን ይወቅጠኛል» አሉ። ጤና ጣቢያ ወስደዋት ሰገራዋ ተመረመረ፤ ሆዷ ተዳሰሰ፤ ክብደቷ ተለካ፤ የተገኘ ነገር የለም። የጤና ባለሙያው የእኛን ማስታወሻና የእናቲቱን ቃል አያይዞ ሲያይ «የሆድ ማይግሬን ይመስላል» አለ።

ማይግሬን የራስ ምታት ብቻ ይመስለን ነበር። ይሁን እንጂ አንጎልና አንጀት በነርቭ የተሳሰሩ በመሆናቸው በልጆች ላይ ሕመሙ በሆድ በኩል ሊወጣ ይችላል። በቤተሰብ ውስጥ ማይግሬን ያለበት ሰው መኖሩ የተለመደ ነው። ሳይታከም ከሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ዋናው መለያው በሁለቱ ሕመሞች መካከል ልጁ ፈጽሞ ጤነኛ መሆኑ ነው። እንግዲህ «አስመሳይ» ያሰኘን የማግስቱ ገመድ ዝላይ ራሱ የበሽታው ምልክት ነበር ማለት ነው።

በስኮትላንድ አበርዲን ከተማ በተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከ100 ልጆች 4 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ሕመሙ የነበረባቸው ልጆች ካደጉ በኋላ ምን እንደ ሆኑ ተመለከተ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የሆድ ሕመሙ ትቷቸዋል፤ ሆኖም ከ100 70 ያህሉን የማይግሬን ራስ ምታት ይዟቸዋል ወይም ቀደም ሲል ይዟቸው ነበር። የእናቲቱ ታሪክ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ይህ ሲባል ግን ሆዱን ያመመውን ልጅ ሁሉ «ማይግሬን ነው» እንበል ማለታችን አይደለም። ስም መስጠት የሐኪም ሥራ ነው። በአገራችን ወስፋትና ጃርዲያ ብዙ ስለሆኑ በቅድሚያ እነሱ ይመርመሩ። ሕመሙ በሆድ ቀኝ ታችኛ በኩል ከሆነ፣ ትውከቱ አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ወይም ልጁ እየከሳ ከሄደ መጠበቅ የለም፤ ቶሎ ወደ ሕክምና ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ያመመውን ሁሉ ካስተኛን ክፍሉ ባዶ ይቀራል» ይላሉ። መልሳችን ማስታወሻ ደብተሩ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የፊት መልክ፣ ማስመለስ፣ ቁርስ መብላት አለመብላት፣ በቂ መተኛት አለመተኛት፤ ይኸው ነው የሚጻፈው። የሚያስመስል ልጅ ፊቱን አመድ ማስመሰል አይችልም። በልጅቷ ደብተር ላይ ደግሞ ከተመዘገቡት ሦስት ቀናት በሁለቱ ቁርስ ሳትበላ እንደ መጣች ተገኘ። እናቷ ይህን ካወቁ ወዲህ ጠዋት ሳትበላ ከቤት አያስወጧትም፤ በጊዜም ያስተኟታል።

ሕመሙ ሲነሣ መምህሩ የሚያደርገው ብዙ አይደለም። ጸጥ ባለና ጨለም ባለ ቦታ ያስተኛት፤ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይስጣት፤ ወላጅ ያስጠራ። የጤና ባለሙያ ፓራሲታሞል ያዘዘላት እንደሆነ ሕመሙ እንደ ጀመረ ብትወስደው ይሻላል፤ አስፕሪን ግን ለልጅ አይሰጥም።

ያቺ ልጅ በዚያ ፈተና ዜሮ አግኝታለች። ዜሮውን የጻፍነው እኛ ነን። ልምምዱ ሳያልቅ ደግመን ፈተንናት፤ ከ10 8 አመጣች።