የመቶኛ ቁጥር ማስረጃ አይሆንም

ጽሑፍ በውል የሚያሠሩ ደንበኞች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ ልማድ አበጅተዋል፤ የተላከላቸውን መጣጥፍ አንብበው ከመመዘናቸው በፊት ጽሑፍን የሰው ወይም የማሽን ብሎ ይለያል ለሚባል መሣሪያ ይሰጡታል፣ መሣሪያውም ከፍ ያለ መቶኛ ካወጣ ክፍያውን ይይዙና ጸሐፊውን ያሰናብታሉ። ፍሪላንስ የሚባለው፣ ማለትም በቋሚነት ሳይቀጠር በየሥራው የሚከፈለው ጸሐፊ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅሬታውን የሚሰማለት ክፍል ስለሌለው የሚቀረው መንገድ ማስታወሻውንና ምንጮቹን አቅርቦ ክሱን በኢሜይል መቃወም ነው። ልማዱ ስሕተት የሚሆነው መሣሪያው አልፎ አልፎ ስለሚሳሳት ብቻ ሳይሆን፣ የማስረዳትን ሸክም ከከሳሹ ላይ አንሥቶ በተከሳሹ ጫንቃ ላይ ስለሚጭን ነው።

መሣሪያው የሚለካው ነገር በቅድሚያ መታወቅ አለበት። የብዙዎቹ መለያዎች መነሻ ሐሳብ የቋንቋ ሞዴል፣ ማለትም ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጣዩን ቃል የሚገምት ፕሮግራም፣ የአንድን ጽሑፍ ቃላት ምን ያህል በቀላሉ ይገምታቸው ነበር የሚል ነው። ቃላቱ የሚጠበቁ፣ የዓረፍተ ነገሮቹም ርዝመት ተቀራራቢ ሲሆን ጽሑፉ ወደ ማሽን ያደላል ተብሎ ይፈረጃል። ስለዚህ የሚወጣው ቁጥር ስለ ጽሑፉ መልክ የተሰጠ ግምት እንጂ ማን እንደ ጻፈው የተገኘ ምስክርነት አይደለም፤ በግልጽና በተለመደ ቃል የሚጽፍ ሰው ሁሉ በዚህ መለኪያ ተጠርጣሪ ነው።

የስሕተቱን ክብደት ከመሣሪያ ሠሪዎቹ ቁጥር መረዳት ይቻላል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. የራሱን መለያ ሲያወጣ፣ በፈተናው ወቅት መሣሪያው ከማሽን ጽሑፎች 26 በመቶውን ብቻ እንደያዘና ከሰው ጽሑፎች ደግሞ 9 በመቶውን በስሕተት የማሽን እንዳለ ራሱ አስታውቆ ነበር። አንድ ደንበኛ 1,000 መጣጥፎች ቢደርሱትና ከእነዚህ 100ዎቹ በእርግጥ የማሽን ቢሆኑ፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ ከመቶዎቹ 26ቱን ይይዛል፣ ከ900 የሰው ጽሑፎች ግን 81ዱን ይወነጅላል፤ ይህም ማለት ጥፋተኛ ከተባሉት 107 መካከል ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ንጹሓን ናቸው። ኩባንያው መሣሪያውን በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አነሣው። ዛሬ የሚሸጡት መለያዎች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ሻጮቻቸው ይናገራሉ፣ አንዳንዶቹም በእርግጥ የተሻሉ ናቸው፤ ነገር ግን የስሕተቱ መጠን አንድ በመቶ ቢሆን እንኳ ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ቁጥሩ አይነግርም። በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተርኒቲን የተባለውን አገልግሎት የማሽን ጽሑፍ መለያ በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ያጠፋው በዚሁ ስሌት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው በ2022 እ.ኤ.አ. ለአገልግሎቱ ካቀረባቸው 75,000 ጽሑፎች አንድ በመቶው፣ ማለትም 750 ያህሉ፣ በስሕተት የማሽን ሊባሉ ይችሉ ነበር።

ኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎችን ይበልጥ የሚነካው ግን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት መለያዎች ሲፈትሹ፣ መሣሪያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላዩን የማሽን ብለው ፈረጁ፣ በአንጻሩ የአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ድርሰቶች ከሞላ ጎደል በትክክል የሰው ብለው አሳለፉ። እጅግ የሚያስቆጨው ቀጣዩ ግኝት ነው፤ የእነዚያው ድርሰቶች ቃላት በቻትጂፒቲ አማካይነት እንዲበለጽጉ ሲደረግ የሐሰት ክሱ በእጅጉ ቀነሰ። በገዛ እጁ የጻፈው ተወንጅሎ ማሽን ያስተካከለለት የሚያልፍበት መለኪያ፣ ይጠብቀዋል የሚባለውን ሐቀኝነት ራሱን የሚቀጣ ነው።

ይህን በዋግ ኽምራ ላይ አስቀምጦ ማየት ይቻላል። አምደወርቅ ሆና ለውጭ ደንበኛ በእንግሊዝኛ የምትጽፍ አንዲት ጸሐፊ ትታሰብ፤ ርዕሰ ጉዳይዋም በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይሁን። እናቶቹ በኽምጣኛ የነገሯት ቃል በማስታወሻዋ ላይ በአማርኛ ይሰፍራል፣ ከዚያም በትምህርት ቤት በተማረችው እንግሊዝኛ ይጻፋል። በሦስት ቋንቋ የተጣራ ጽሑፍ ቃሉ የታወቀ፣ ዓረፍተ ነገሩም የተመጠነ መሆኑ አይቀርም፤ መለያው የማሽን ምልክት ብሎ የሚቆጥረውም ይኸንኑ ነው።

እንዲህ ያለች ጸሐፊ የምትልከው ኢሜይል ጉልበት የሚያገኘው ከቁጣው ሳይሆን ከዝርዝሩ ነው። የመጣጥፉን አንቀጾች በቁጥር ጠቅሳ፣ እያንዳንዱ ቃል ከየትኛው ቃለ መጠይቅና በየትኛው ቀን ከተያዘ ማስታወሻ እንደመጣ፣ አኀዙም ከየትኛው ሰነድ ስንተኛ ገጽ እንደተወሰደ ታሳያለች፤ የማስታወሻ ደብተሩን ገጾች ፎቶ አንሥታ ታያይዛለች፣ ከመጨረሻው ጽሑፍ ያስቀረችውንም ትጠቁማለች። የተሰረዘው መስመር፣ ከአንዲት እናት ተሰምቶ ከጤና ኬላው መዝገብ ጋር ስላልተጣጣመ የተተወው ዕድሜ፣ ከተጠናቀቀው ጽሑፍ ይልቅ ስለ ሠራተኛዋ ብዙ ይናገራል። በመጨረሻም ደንበኛው ደውሎ ስለ ማንኛውም አንቀጽ እንዲጠይቃት ትጋብዘዋለች፤ ቦታው ላይ የነበረ ሰው በጽሑፉ ያልሰፈረውንም መመለስ ስለሚችል ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ይህ ነው።

ደንበኞች አብዝተው የሚጠይቁት ግን የረቂቁን የለውጥ ታሪክ፣ ማለትም ጉግል ዶክስን የመሰሉ ፕሮግራሞች ጽሑፉ በየሰዓቱ እንዴት እንዳደገ የሚያስቀምጡትን መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ ይረዳል፣ ዳኛ ግን አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወቃል፤ በደብተር ወይም ኔትወርክ በሌለው ስልክ ላይ ጽፎ መስመር ሲገኝ በአንድ ጊዜ የሚለጥፍ ሰው መዝገቡ ሙሉውን መጣጥፍ በአንድ ደቂቃ የገባ አድርጎ ያሳየዋል። በተቃራኒው ማሽን የጻፈለትን በትዕግሥት እያየ የሚተይብ ሰው ንጹሕ የለውጥ ታሪክ ይኖረዋል። ማስታወሻን ማቅረብም የራሱ ወሰን አለው፤ ልጇ ስለቀነጨረባት እናት የተያዘ ገጽ ስሟና ቀበሌዋ ሳይሸፈን ለደንበኛ ሊላክ አይገባም፣ ደንበኛውም ይህን መሸፈን እንደ መሸሽ ሊቆጥረው አይገባም።

ጸሐፊዎችም የሚሳሳቱበት አንድ መልስ አለ፤ ጽሑፉን ለሌላ መለያ ሰጥተው «ሰው ጽፎታል» የሚለውን ውጤት አያይዘው ይልካሉ። ይህ የማይታመነውን መሣሪያ ዳኝነት መቀበል ነው፣ ሦስተኛ መለያ ተቃራኒውን ሲናገርም መልስ ያሳጣል። ከዚህ የባሰው መለያውን ለማምለጥ ሲባል የተስተካከለን ዓረፍተ ነገር ሆን ብሎ ማወላገድ ነው፤ በዚህ ዓይነት የሚጎዳው አንባቢው ነው።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2001 የግዴታውን መኖር የሚያስረዳው ግዴታው ይፈጸምልኝ ባዩ እንደሆነ፣ ግዴታው ፈራሽ ነው፣ ተለውጧል ወይም ቀርቷል የሚል ግን ይህንኑ ራሱ ማስረዳት እንዳለበት ይደነግጋል። ውሉንና ያስረከበችውን መጣጥፍ ያሳየች ጸሐፊ የራሷን ድርሻ ተወጥታለች፤ ማሽን ጽፎታልና አልከፍልም የሚል ደንበኛ ደግሞ የሌለ ምንጭ፣ ያልተባለ ጥቅስ ወይም የተፈጠረ አኀዝ ከጽሑፉ ውስጥ አውጥቶ ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህን ማሳየት ካልቻለ የሠራችበትን ይክፈላት፣ ክሱንም በጽሑፍ ያንሣላት።