ጠመንጃው ከፎቶግራፉ ሲወገድ እጆቹ የሚናገሩት

በአውሮፓውያኑ ግንቦት 2/1945 የሶቪየት ኅብረቱ ፎቶግራፍ አንሺ የቭጌኒ ካልዴይ በርሊን ውስጥ በራይክስታግ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሰንደቅ ሲሰቀል የሚያሳየውን ታዋቂ ምሥል አነሳ። ሰንደቁን የያዘውን ወታደር ከሥር የደገፈው ባልደረባው ግን በሁለቱም የእጅ አንጓዎቹ ላይ ሰዓት ያሰረ ይመስል ነበር። ይህ ዝርፊያን እንዳያሳብቅ በመስጋት ካልዴይ አንዱን ከፊልሙ ላይ በመርፌ ፍቆ አጠፋው። የጠፋው ሰዓት ሳይሆን ኮምፓስ ነበር የሚሉም አሉ።

ያኔ መርፌና የሠለጠነ እጅ የጠየቀው ሥራ ዛሬ በስልክ ላይ በጣት ጫፍ ይከናወናል። በሰው አካል ላይ ያረፈን ዕቃ ከፎቶ ማንሳት ግን አሁንም አስቸጋሪ ከሆኑት የፎቶ ማስተካከል ሥራዎች አንዱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከዕቃው በስተጀርባ ያለውን ካሜራው ፈጽሞ አላየውም። ስለዚህ ዕቃው ከተነሳ በኋላ ክፍተቱን የሚሞላው ነገር የተገለጠ እውነት ሳይሆን ግምት ነው።

ግጭት በማይለያቸው የምሥራቅ አፍሪካና የአፍሪካ ቀንድ አካባቢዎች ይህ ግምት ከባድ መዘዝ አለው። አንድ ሰው በሕይወት ሳለ የተነሳው ፎቶ፣ ከሞተ በኋላ "ታጣቂ ነበር" ወይም "ሰላማዊ ሰው ነበር" ለሚለው ክርክር ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። በደረቱ ላይ ያለ አንድ ጠመንጃ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ለክርክሩ ወሳኝ ነው።

አንድ ምሥል በምሳሌነት እንውሰድ

አንድ ወጣት በቆርቆሮ አጥር ፊት ቆሟል እንበል። ጠመንጃ ደረቱ ላይ አጋድሞ ይዟል። ቀኝ እጁ መያዣውን ጨብጧል፤ ግራ እጁ በርሜሉን ከሥር ደግፏል። ማንገቻው በትከሻው ላይ ያልፋል፤ ፀሐይዋ ከቀኙ በኩል ትመታዋለች። ጠመንጃውን ለማጥፋት የፈለገ ሰው አንድ ዕቃ ብቻ የሚያነሳ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አዲስ መሥራት አለበት፦ አጥሩን፣ ጃኬቱንና እጆቹን።

ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ከኋላ ወደ ፊት ይመጣል። መጀመሪያ ከአካሉ ውጪ የወጣውን አፈሙዝና ሰደፍ ከነጥላቸው ከልሎ ይመርጥና አጥሩን ይጠግናል። የቆርቆሮው ሸንተረሮች በእኩል ርቀት የተደረደሩ በመሆናቸው ከሌላ ቦታ ገልብጦ መለጠፍ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ካሜራው አጥሩን በግዴለት ካየው፣ ሸንተረሮቹ እየራቁ ሲሄዱ ይጠባሉ። ከቅርቡ ጫፍ የተገለበጠ ቁራጭ በሩቁ ጫፍ ላይ ሲለጠፍ ይሰፋል። መስመሩ ከሰውየው ክንድ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ሲወጣ ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ ቢል እንኳ ዓይን ያውቀዋል።

ቀጥሎ የልብሱ ተራ ነው። የጨርቅ እጥፋት በዘፈቀደ አይፈጠርም። ጨርቁ ከተወጠረበት ነጥብ፣ ማለትም ከትከሻ፣ ከብብት፣ ከክርን ወይም ከተቆለፈ ቁልፍ ተነስቶ ይዘረጋል። የጠመንጃው ክብደት ማንገቻውን ወደ ታች ስለሚስበው በትከሻው ላይ ያለው ጨርቅ ይጨመደዳል፤ ከማንገቻው ዳርና ዳርም እጥፋቶች ይሰለፋሉ። ማንገቻው ጠፍቶ እነዚህ እጥፋቶች ከቀሩ ጃኬቱ በማይታይ ነገር የተጎተተ ይመስላል። ስለዚህ አስተካካዩ ማንገቻው የነበረበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጨርቅ ጭምር መለወጥ ይኖርበታል። እያንዳንዱ አዲስ እጥፋት ደግሞ በፀሐይዋ በኩል ብሩህ፣ በሌላው በኩል ጥላማ መሆን አለበት።

እጅ አይዋሽም

ከሁሉም የሚከብደው እጁ ነው። ከባድ ነገር የጨበጠ እጅ ባዶ ከሆነ እጅ ይለያል። ጣቶቹ ይታጠፋሉ፤ በአይበሉባው ላይ ጅማቶቹ ይወጠራሉ፤ የእጅ አንጓው ክብደቱን ለመሸከም ይቃናል፤ ክርኑም ወደ ጎን ይወጣል። ጠመንጃው ተነስቶ ጣቶቹ እንደነበሩ ከቀሩ፣ ወጣቱ አየር ጨብጦ የቆመ ይሆናል። በዕቃው ሥር ተደብቀው የነበሩት የጣት ጫፎችም ከባዶ መፈጠር አለባቸው።

አንዳንዶች ሌላኛውን እጅ ገልብጠው እንደ መስታወት አዙረው ይለጥፋሉ። በዚህ ጊዜ ብርሃኑም አብሮ ይዞራል። ፀሐይዋ ከቀኝ እየመጣች ሳለ የተለጠፈው እጅ ከግራ ተመቶ ይታያል። የተሻለው ብልሃት በተከታታይ ከተነሱ ፎቶዎች መካከል እጁ ባዶ የሆነበትን ማግኘት ነው፤ እንዲህ ያለ ምሥል ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚጠቀሙ አዳዲስ መተግበሪያዎች በርካታ ምሥሎችን ዓይተው የተማሩትን ተመርኩዘው እጅ ይሠራሉ። የሚሠሩት ግን ሊሆን የሚችል እጅ እንጂ የዚያን ሰው እጅ አይደለም።

ስለዚህ አጠራጣሪ ፎቶ የሚመረምር ሰው ዕቃው የነበረበትን ቦታ ብቻ ፈልጎ አያበቃም። አንድ መስመር ይመርጥና ከአካሉ አንድ ጎን ወደ ሌላው ይከተለዋል። ምክንያት የሌለው እጥፋትና ባለቤት የሌለው ጥላ ይፈልጋል፤ በተለይ ከመሬት ላይ ያለው የሰውየው ጥላ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሁለት ፍጹም የሚመሳሰሉ የዝገት ነጠብጣቦች በአጥሩ ላይ ከታዩ አንደኛው ቅጂ ነው። የምሥሉ ጥራጥሬ ሌላው ቦታ ላይ ሻካራ ሆኖ ደረቱ ላይ ብቻ ከለሰለሰ ደግሞ በዚያ ቦታ እጅ ገብቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ዱካ ሁሉ ውሸት አይደለም

ይህ ምርመራ ግን ወሰን አለው። በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች ከእጅ ወደ እጅ የተዘዋወረ ፎቶ በየጊዜው ስለሚጨመቅ የጥራጥሬው ልዩነት ይጠፋል። በሌላ በኩል በርካታ ስልኮች በቅጽበት የተነሱ ብዙ ምሥሎችን ወደ አንድ ያዋህዳሉ። ሰውየው በመሐል እጁን ካንቀሳቀሰ ማንም ሳይነካው ጣቱ ሊደበዝዝ ወይም እጅጌው ሊቆረጥ ይችላል።

በአውሮፓውያኑ መጋቢት 2024 የብሪታኒያዋ የዌልስ ልዕልት ካትሪን ከልጆቻቸው ጋር የታዩበት ፎቶ ይህንን በደንብ ያሳያል። አሶሺየትድ ፕሬስን ጨምሮ ትልልቅ የዜና ወኪሎች ፎቶውን አሠራጭተው መልሰው ያነሱት በልዕልት ሻርሎት ግራ እጅና እጅጌ አካባቢ መስመሮቹ ስላልገጠሙ ነበር። በማግሥቱ ካትሪን ፎቶውን ራሳቸው እንዳስተካከሉት ገልጸው ይቅርታ ጠየቁ። ዋናው ፎቶ ግን ይፋ አልተደረገም። በመሆኑም እጅጌው ምሥሉ መነካካቱን አጋለጠ እንጂ በትክክል ምን እንደተለወጠ ሊናገር አልቻለም።

የዜና ወኪሎቹ ጥብቅነት መነሻው ይኸው ነው። አሶሺየትድ ፕሬስ በጥር 2014 ከፎቶግራፍ አንሺው ናርሲሶ ኮንትሬራስ ጋር የነበረውን የሥራ ግንኙነት ያቋረጠው፣ ሶሪያ ውስጥ ካነሳው ፎቶ ጥግ ላይ የባልደረባውን የቪዲዮ ካሜራ በማጥፋቱ ነበር። ወኪሉ የመረመራቸው ሌሎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎቹ እንከን አልተገኘባቸውም። የተወገደው ዕቃም የታሪኩን ፍሬ ነገር የሚለውጥ አልነበረም። ወኪሉ ግን ብርሃንና ቀለምን በልክ ማስተካከል ይፈቅዳል እንጂ በፎቶው ውስጥ ያለን ነገር መቀነስም ሆነ መጨመር አይፈቅድም።

በመንደርና በከተማ ግጭቶች መካከል በስልክ ለሚሠራጩ ምሥሎች እንዲህ ያለ ዳኛ የለም። በምሳሌያችን ያለው ወጣት ታጣቂ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ጃኬቱና ጣቶቹ ብቻቸውን አይፈቱትም። እነርሱ ጥርጣሬውን ያስነሳሉ። መልሱ የሚገኘው በዚያው ሰዓት ሌላ ሰው ከሌላ አቅጣጫ ካነሳው ፎቶ ወይም ካልተነካው የመጀመሪያ ፋይል ነው። ሁለቱም ከሌሉ ምርመራው ሊል የሚችለው "ይህ ምሥል በደረቱ አካባቢ ተለውጧል" ብቻ ነው። የጠፋው ምን እንደነበር ግን አሁንም ግምት ሆኖ ይቀራል።