ቡናማ እንቁላል ላይ ብር አትጨምሩ

ዛሬ ስለ እንቁላል ነው የማወራችሁ። ማዳሞች "ቡናማውን ለልጆቹ፣ ነጩን ለኬክ" ሲሉ ሰምታችኋል አይደል? ሀገር ቤትም "የሐበሻ እንቁላል አስኳሉ ቢጫ ስለሆነ ጉልበት አለው፣ የፈረንጁ ውሃ ነው" ይባላል። እኔ ሁለቱም ወሬ ኪሳችንን ይጎዳል ባይ ነኝ።

የቅርፊቱ ቀለም የዶሮዋ ዘር ነው። ሌግሆርን የምትባለው ነጭ ዶሮ ምንም ብታበሏት ነጭ ነው የምትጥለው። ቡናማው ቀለም የሚቀባው እንቁላሉ ሊወጣ ሲል መጨረሻ ላይ ነው። ሰብራችሁ የቅርፊቱን ውስጥ እዩት፣ ነጣ ያለ ነው። ታዲያ ቡናማው ለምን ይወደዳል? ብዙ ጊዜ ቡናማ የሚጥሉት ዶሮዎች ገዘፍ ያሉ ስለሆኑ ብዙ መኖ ይበላሉ። የምንከፍለው የመኖውን ነው እንጂ የተጨመረ ምግብ የለውም።

አስኳሉ ደግሞ የሚያሳየው ዶሮዋ የበላችውን ነው። ቢጫ በቆሎ፣ ቅጠል ወይም እዚህ ብርሲም የሚሉትን ሣር ከበላች ቢጫ ይሆናል። ስንዴ ወይም ነጭ ማሽላ ከሆነ ይገረጣል። የሐበሻዋ ዶሮ ሜዳ ላይ ሣር ቅጠሉን ስለምትለቅም ነው ቢጫ የሚሆነው። ፋብሪካዎቹም ይህን ያውቁታል፤ መኖው ላይ የቀይ በርበሬ ወይም የቢጫ አበባ ጭማቂ ሲጨምሩበት በ2 ሳምንት ውስጥ አስኳሉ ብርቱካን ይመስላል። ፕሮቲኑ ግን ያው ነው።

እውነቱን ለመናገር ቢጫው ቀለም ራሱ ለዓይን የሚጠቅም ነገር አለበት። እሱን ግን ጎመንና ቆስጣ ውስጥ በደንብ እናገኘዋለን፣ ለሱ ብለን እንቁላል በውድ አንገዛም።

አሁን ሂሳቡን እዩት። የሐበሻ እንቁላል 40 ግራም አካባቢ ነው፣ የፈረንጁ ወደ 60 ግራም። ስለዚህ 3 የሐበሻ ማለት 2 የፈረንጅ ነው። እኛ በላክነው ብር አራስ እህታችን "ይሻለኛል" ብላ አንዱን የሐበሻ እንቁላል ከፈረንጁ አስበልጣ ከገዛች፣ ብዙ ከፍላ ትንሽ በላች ማለት ነው። ጣዕሙን ወዳው ከሆነ ትብላ፣ ማንም አይከለክላትም። ለጉልበት ብላ ከሆነ ግን ደውላችሁ ንገሯት።

እንቁላል ስትገዙ ቀኑን እና ትልቅነቱን እዩ። ቤት ስትደርሱ ሰሃን ላይ ስበሩት፤ አስኳሉ ጉብ ካለ፣ ነጩም ወፈር ብሎ ከተሰበሰበ ትኩስ ነው። አስኳሉ ከተዘረጋ፣ ነጩም እንደ ውሃ ከፈሰሰ ቆይቷል፣ ቡናማም ይሁን ነጭ። ቀለሙ ይህን አይነግራችሁም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የማትስማሙ ካላችሁ ኮመንት ላይ እንከራከር።