«አንድ ለሁለት» ለሁሉም ድስት አይሠራም

ሩዝ በስንት ውሃ ነው የሚሠራው ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛው ሰው የሚመልስላችሁ አንድ ነው፦ «አንድ ለሁለት»። አንድ ኩባያ ሩዝ፣ ሁለት ኩባያ ውሃ፣ በቃ። ለገንፎም ይህንኑ የሚሉ አሉ። ፓስታ ሲሆን ደግሞ ልኬቱ ሁሉ ይረሳና «ውሃው ይብዛ» ብቻ ይባላል። እኔ በበኩሌ ይቺ «አንድ ለሁለት» ብዙ ድስት አበላሽታለች ባይ ነኝ። ውሸት ሆና አይደለም፤ ለአንድ ኩባያ ሩዝ ልክ ናት። ግን ለምን ልክ እንደሆነች ማንም ሳይነግረን ነው የሸመደድናት።

እስቲ ጥያቄውን እንቀይረው። ስንት ውሃ ከማለታችን በፊት፣ ውሃው መጨረሻ ላይ የት ነው የሚሄደው? ሩዝ ላይ ከፊሉ ፍሬው ውስጥ ይገባል፣ ከፊሉ በእንፋሎት ይወጣል፣ ድስቱ ውስጥ የሚቀር መኖር የለበትም። ፓስታ የሚበቃውን ጠጥቶ የተረፈው ይደፋል። ገንፎ ላይ ግን ውሃውን ራሱን ነው የምንበላው። ሦስቱ ጭራሽ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከሩዙ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነውና። አንድ ኩባያ ነጭ ሩዝ ለመብሰል የሚጠጣው ውሃ አንድ ኩባያ ገደማ ነው። ታዲያ ሁለተኛው ኩባያ የት ሄደ? ለስለስ ያለ ሩዝ ለሚወድ ትንሽ ይጨምራል፣ አብዛኛው ግን በክዳኑ ጠርዝ ተንኖ ነው የሚያልቀው። ቁም ነገሩ ይሄ ነው፦ የሚተነው ውሃ የሚወሰነው በድስቱ ስፋት፣ በክዳኑ መግጠም፣ በእሳቱ ኃይልና በደቂቃው ነው። ሩዙ አንድ ኩባያ ይሁን አሥር፣ እንፋሎቱ አያውቀውም።

አሁን ድግስ ወይም ለቅሶ ቤት እንግባ። አሥር ጣሳ ሩዝ ሊሠራ ነው። ወጣቷ «አንድ ለሁለት» ብላ ሃያ ጣሳ ውሃ ትለካለች። ሩዙ አሥር ጣሳ ያህል ይጠጣል። ድስቱ ትልቅ ስለሆነና ለመፍላትም ስለሚቆይ ሁለት ወይም ሦስት ጣሳ ይተናል እንበል። አሥራ ሁለት፣ ቢበዛ አሥራ ሦስት ጣሳ ይበቃ ነበር ማለት ነው። የቀረው ሰባት ጣሳ መሄጃ የለውም። ከዚያ ምን ይደረጋል? ክዳኑ ይከፈታል፣ እሳቱ ይጨመራል፣ በማማሰያ ይማሰላል። ፍሬው ይፈነዳል፣ ላዩ ገንፎ ይሆናል፣ ታቹ ያርራል። ከዚያ «ሩዙ ነው መጥፎው» ተብሎ ባለሱቁ ይወቀሳል። ምስኪን።

ስለዚህ የእኔ ልኬት እንዲህ ነው፦ የሩዙን ያህል ውሃ፣ ከዚያ ለእንፋሎት የሚሆን ተጨማሪ። ለትንሽ ድስት ተጨማሪው ከግማሽ እስከ አንድ ኩባያ ነው፤ ክዳኑ በደንብ የማይገጥም ከሆነ ወደ አንድ ኩባያው አድሉ። ለትልቅ ድስት ደግሞ ሁለት ሦስት ጣሳ፣ ከዚያ በላይ አትሂዱ። ቲማቲምና ካሮት ከገባበት እነሱም ውሃ ያወጣሉ፣ ቀንሱ። በእንፋሎት ቀድሞ ተቀቅሎ የደረቀው ቢጫ ቢጫ የሚለው ሩዝ ደግሞ ትንሽ ጨመር ያለ ውሃ ይፈልጋል። ቢያንስባችሁ ችግር የለም፦ ፍሬው መሃሉ ላይ ከከረረ ጥቂት የፈላ ውሃ ረጨት አድርጎ፣ ከድኖ፣ በስሱ እሳት አምስት ደቂቃ መተው ነው። የበዛን ውሃ ማውጣት ግን እንዲህ አይቀልም።

በእስያ ብዙ ቤት በኩባያ አይለኩም። የጣታቸውን ጫፍ ሩዙ ላይ አሳርፈው ውሃው የመጀመሪያው አንጓ ድረስ እንዲደርስ ያደርጋሉ። ያልሠለጠነ ዘዴ ይመስላል እንጂ ከ«አንድ ለሁለት» የበለጠ ብልህ ነው። ሩዙ ቢበዛም ከላይ የሚቆመው ውሃ ያው አንድ አንጓ ነው፣ የሚተነውም እንደዚያው። በሰፊ ድስት ትንሽ ሩዝ ከሆነ ግን ጣትም ይዋሻል፣ ውሃ ያበዛል።

ፓስታ ላይ አልቆይም። በጣሊያኖቹ ልማድ ለ100 ግራም አንድ ሊትር ነው፤ ለአንድ የግማሽ ኪሎ እሽግ አምስት ሊትር ማለት ነው። በከሰል ላይ አምስት ሊትር ማፍላት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ቀልድ ነው። እሽጉ በስሎ ክብደቱ እጥፍና ትንሽ ይበልጣል፤ የሚጠጣው ከግማሽ ሊትር ትንሽ ያለፈ ነው። የቀረው ውሃ ሥራው ከላዩ የሚረግፈውን ስታርች ማቅጠንና ፓስታው እንዳይጣበቅ ቦታ መስጠት ነው። እሱን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ላይ በማማሰል ማገዝ ይቻላል። ለእሽጉ ሦስት ሊትር ይበቃል፣ ሳትንቀሳቀሱ አጠገቡ ከቆማችሁ። ከተራ ስንዴ የተሠራና ውሃውን ቶሎ ወተት የሚያስመስል ፓስታ ከሆነ ግን አትሰስቱ፣ ጨመር አድርጉ።

ደግሞ እሽጉ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አትመኑ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱን ብታነዱትም ከዚያ አይሞቅም። ስለዚህ ከተጻፈው በላይ ይቆያል፣ እየቀመሱ ማውጣት ነው። ለሩዙም ያው ነው፤ በቆየ ቁጥር ደግሞ ይተናል። ከባሕር ጠለል አጠገብ የተጻፈ የሩዝ ልኬት እኛ ጋ ሲመጣ የሚያንሰው ለዚህ ነው።

ገንፎ ላይ እናቶቻችን ትክክል ናቸው። መጀመሪያ አይለኩም፤ ውሃው ሲፈላ ከፊሉን በሌላ ዕቃ ይቀንሳሉ፣ ዱቄቱን ይጨምራሉ፣ እያገነፉ የቀነሱትን በትንሽ በትንሹ ይመልሳሉ። ይህ ከቁጥር ይበልጣል፣ ምክንያቱም ኩባያ ዱቄት የሚባል ቋሚ ነገር የለም። ተነፍቶ ፈሰስ ያለውና ተጠቅጥቆ የተሞላው ኩባያ በክብደት በጣም ይለያያሉ። የግድ ቁጥር ካላችሁ፣ ለአንድ ኩባያ የገብስ ዱቄት ሁለት ኩባያ ውሃ አዘጋጁና ግማሽ ኩባያውን ለይታችሁ ያዙ። ዱቄቱ በአንዴ ሲገለበጥ የሚጓጉለው ውሃ ስላነሰ አይደለም። የእያንዳንዱ ጉብታ ውጭ ቶሎ ይበስልና እንደ ቆዳ ይዘጋል፣ ውስጡ ደረቅ ይቀራል። ያኔ ውሃ ብትጨምሩ ገንፎው ይቀጥናል እንጂ ጉብታው አይፈታም። ከማማሰያው ጋር መታገል ነው ያለው።

አንድ ቦታ ላይ ግን የውሃው ልክ የጣዕም ጉዳይ አይደለም፤ የሕፃን ገንፎ። ስድስት ወር ያለፈው ልጅ ሆዱ ትንሽ ነው። «እንዲወርድለት» ተብሎ በውሃ የቀጠነ ገንፎ ስናጎርሰው፣ ከእያንዳንዱ ጉርሻ አብዛኛውን ውሃ እያበላነው ነው። ጠገበ፣ ተኛ፣ ግን እህሉ ትንሽ ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ ማንኪያውን ዘንበል ስታደርጉት ገንፎው ተይዞ መቅረት አለበት፣ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ቀጥኗል። በጣም ከጠነከረ ማለስለሻው ወተት ወይም የእናት ጡት ወተት፣ ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ነው። ከማሰሮው የሚጨለፈው ውሃ ሁልጊዜ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።