ዝምታ «አልተሳካም» ማለት አይደለም

ፒን አስገብታችሁ፣ ብሩ ከሂሳባችሁ ወጥቶ፣ የኤስኤምኤስ ማረጋገጫው ስልካችሁ ላይ ተቀምጦ፣ የሱቁ ገጽ ግን በቀይ ፊደል «ክፍያዎ አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» ብሏችሁ ያውቃል? እኛ ይህችን ዐረፍተ ነገር ውሸት እንላታለን። ሱቁ ክፍያው እንዳልተሳካ አላወቀም። ያወቀው መልስ እንዳልደረሰው ብቻ ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሀገራችን ውስጥ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ ሱቁ የክፍያ ጥያቄ ስልካችን ላይ ልኮ እኛ ፒን የምናስገባበት አከፋፈል ለምደናል። አሠራሩን በኬንያው ኤም-ፔሳ እናስረዳ፤ የፕሮግራመሮች መመሪያው በሰፊው የታወቀ ነውና።

ሱቁ ጥያቄውን ሲልክ ሲስተሙ ወዲያው `ResponseCode` 0 እና `CheckoutRequestID` የሚባል መለያ ይመልስለታል። ይህ 0 «ጥያቄህን ተቀብያለሁ» ማለት ነው እንጂ «ተከፍሏል» ማለት አይደለም። እውነተኛው ውጤት ደንበኛው ፒን ካስገባ በኋላ፣ በሌላ መልእክት (ፕሮግራመሮች ኮልባክ ይሉታል) ወደ ሱቁ ሰርቨር ይላካል። እዚያ ላይ `ResultCode` 0 ከሆነ ተከፍሏል፤ 1 ከሆነ ሂሳቡ አይበቃም፤ 1032 ከሆነ ደንበኛው ሰርዞታል፤ 1037 ከሆነ ስልኩ አልተገኘም ወይም ምላሽ አልሰጠም።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት «ሰዓት አለፈ» አለ። አንደኛው ሲስተሙ ራሱ 1037 ብሎ የነገረን ነው፤ እሱ መልስ ነው። ሁለተኛው ሱቁ በገዛ ገጹ ላይ የሰቀለው የ60 ሰከንድ ቆጣሪ ሲያልቅ ነው። እሱ መልስ አይደለም፤ የሱቁ ትዕግሥት ማለቅ ነው። ጠባችን ከዚህኛው ጋር ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። 1,850 ብር የሚያወጣ ጫማ ታዘዘ እንበል። ጥያቄው ከምሽቱ 2:14 ተላከ። ኔትወርኩ ስለተጎተተ ደንበኛዋ ፒን ያስገባችው በ50ኛው ሰከንድ ነው። ብሩ ወጣ። ኮልባኩ ሲላክ ግን የሱቁ ሰርቨር አልመለሰም። 60 ሰከንድ ሞላ፤ ገጹ «አልተሳካም» አለ፤ ትዕዛዙም ተሰረዘ። ደንበኛዋ እንደተባለችው ደግማ ከፈለች። 3,700 ብር ወጥቶ በሱቁ መዝገብ አንድ ጫማ ብቻ ተጻፈ። ከዚያ «ስክሪንሾት ላኪልን» ትባላለች፤ ሊጭበረበር የሚችል ምስል እንደ ማስረጃ ይቆጠርና የማጣራቱ ሥራ በእሷ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

መድኃኒቱ ደግሞ ሱቁ እጅ ላይ ነው። ያንኑ `CheckoutRequestID` ይዞ «ይህ ክፍያ ምን ደረሰ?» ብሎ ሲስተሙን መጠየቅ ይችላል። ኮልባክ ከቀረ በ20ኛው ሰከንድ፣ ከዚያም በየደቂቃው ይጠይቅ። ሲስተሙ `500.001.1001` ብሎ «ክፍያው በሂደት ላይ ነው» ካለው ቆይቶ ይጠይቅ፤ ይህን «ስህተት» ብሎ አንብቦ ትዕዛዙን የሚሰርዝ ፕሮግራመር ያንኑ ውሸት በሌላ በር ያስገባል። እስከዚያው ገጹ እውነቱን ይናገር፦ «ክፍያዎን እያጣራን ነው፤ ደግመው አይክፈሉ»። «እንደገና ይሞክሩ» የሚለው ቁልፍም የመጀመሪያው ጥያቄ ቁርጡ እስኪታወቅ ይዘጋ።

ነጋዴዎች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፦ «ጥሎን ለሄደ ሰው ሁሉ ዕቃ ይዘን እንጠብቅ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ዕቃው እና ክፍያው ሁለት ጉዳይ ናቸው። ዕቃውን ለ15 ደቂቃ ያዙት፣ ከዚያ ለሌላ ሽጡት፤ አንከለክልም። የክፍያው ጥያቄ ግን ቁርጥ ያለ መልስ እስኪያገኝ ክፍት ይቆይ። ዘግይቶ 0 ከመጣና ዕቃው ካለ ትዕዛዙ ይነሣ፤ ዕቃው ከተሸጠ ደንበኛው ሳይለምን ብሩ ይመለስ። አንድ ኮልባክ ሁለት ጊዜ ቢደርስም በመለያው አንድ ጊዜ ብቻ ይመዝገብ፤ አለዚያ አንድ ክፍያ ሁለት ጫማ ያስልካል፣ ያኔ አልቃሹ ሱቁ ነው።

«የኔትወርኩ ጥፋት ነው» የሚለውን ግማሹን እንቀበላለን። ኔትወርኩን የቆረጣችሁት እናንተ አይደላችሁም። «አልተሳካም» የሚለውን ቃል ግን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። ካላወቃችሁ «አላወቅንም» በሉ፤ ከዚያም ጠይቁ።