የተበላሸን ወተት ማሽን አያድነውም

በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ በወተት አምራች ወረዳዎቻችን አንድ ዓይነት አቤቱታ ይሰማል። ላሞቹ ይታለባሉ፤ ገዢ ግን የለም። ሻይ ቤቱም ሆነ ሆቴሉ ለ55 ቀናት የሚወስደውን ወተት ይቀንሳል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ለአባላቱ “ግማሹን ብቻ አምጡ” ይላቸዋል። በዚህ ወቅት በሚደረጉ ስብሰባዎች ላይ “ለወራት ሳይበላሽ የሚቆይ ወተት የሚያመርት የዩኤችቲ ፋብሪካ ይምጣልን” የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ለዚህ ነው። የአርሶ አደሩ ጥያቄ ተገቢ ነው። በእኔ እምነት ግን ቅደም ተከተሉን ስተናል። የዩኤችቲ ማሽን ከሁሉም በላይ ጥራት ያለው ጥሬ ወተት ይፈልጋል፤ ዛሬ ከየማሰባሰቢያው የሚመለሰውን ወተት አይቀበልም።

ይህን ለመረዳት ሦስቱን የወተት ዓይነቶች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ልዩነታቸው በመሠረቱ ወተቱ ምን ያህል ሙቀት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንዳገኘ ነው።

ጥሬ ወተት ምንም ሙቀት ያላገኘ ነው። ከላሟ ሲወጣ ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ለባክቴሪያ የሚመች ሙቀት ነው። ወተቱ የራሱ የሆነ ተፈጥሯዊ መከላከያ ስላለው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ይቋቋማል። ከዚያ በኋላ ግን ካልቀዘቀዘ ባክቴሪያዎቹ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ በእጥፍ ሊባዙ ይችላሉ። በዚህ ፍጥነት በአንድ ጠብታ ውስጥ የነበረ አንድ ሺህ ባክቴሪያ በሦስት ሰዓት 64 ሺህ ይሆናል። ጣዕሙን በተመለከተ ጥሬ ወተት ሙሉ ነው፤ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ ሳይነካኩት ይረጋል፣ ሲናጥም ቅቤ ይሰጣል። ችግሩ ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ያለባት ላም ጤነኛ መስላ ልትታለብ መቻሏ ነው። የእነዚህ በሽታዎች ጀርም በወተቱ ውስጥ ሲኖር ወተቱ አይሸትም፣ ቀለሙም አይለወጥም።

ፓስቸራይዝድ ወተት በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ፣ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ሞቆ ወዲያውኑ የቀዘቀዘ ነው። ይህ ሙቀት የብሩሴሎሲስንም ሆነ የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ይገድላል። ጣዕሙ ከጥሬው ብዙም አይርቅም። ነገር ግን ሙቀትን የሚቋቋሙ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ስለሚተርፉ ከማቀዝቀዣ መውጣት የለበትም። በ4 ዲግሪ ከተቀመጠ አንድ ሳምንት ገደማ ይቆያል። መብራት በጠፋበት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከዋለ ግን በዚያው ቀን ሊበላሽ ይችላል። ጥሬ ወተቱ ሲገባ በባክቴሪያ የተሞላ ከነበረም ዕድሜው ያንኑ ያህል ያጥራል።

ዩኤችቲ የሚባለው ደግሞ ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ሞቆ፣ ጀርም በሌለበት ሁኔታ አየርና ብርሃን በማያስገባ ካርቶን የሚታሸግ ነው። ሳይከፈት ያለ ማቀዝቀዣ ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ ይቆያል። ከተከፈተ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም ወተት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። የተፈላ ወተት የሚመስል ጣዕም አለው፤ ይህም የሚመጣው የወተቱ ፕሮቲን በከፍተኛ ሙቀት ሲለወጥ ነው። ቅባቱም በፋብሪካ ተሰባብሮ ከወተቱ ጋር ስለሚዋሃድ አይንሳፈፍም፤ እርጎ አድርገው ቢንጡት ቅቤ አይወጣውም። ስለዚህ ለቡናና ለሻይ ይመቻል፤ ለቅቤና ለአይብ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ወተት መኮምጠር ሲጀምር ፕሮቲኑ ሙቀትን የመቋቋም አቅሙን ያጣል። ለአፍ ገና ያልኮመጠጠ የሚመስል ወተት በ63 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ በ135 ዲግሪ ግን ይቆራረጣል፣ የማሽኑም ቱቦ ውስጥ ይጋገራል። ለዚህ ነው ማሰባሰቢያዎች ወተት ሲቀበሉ እኩል መጠን ያለው ወተትና 68 በመቶ አልኮል ቀላቅለው የሚያዩት። ድብልቁ ፍርፍር ካሳየ ወተቱ ይመለሳል። የዩኤችቲ ፋብሪካ ግን 75 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ይፈትናል። ስለዚህ በማሰባሰቢያው “አለፈ” የተባለ ወተት በፋብሪካው በር ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሌላም አለ። ወተቱ ሳይሞቅ በፊት የተራቡት ባክቴሪያዎች ፕሮቲንንና ቅባትን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ይተዋሉ። ባክቴሪያዎቹ በሙቀት ይሞታሉ፤ ኢንዛይሞቹ ግን አንዳንዶቹ ከ135 ዲግሪም ይተርፋሉ። እንዲህ ያለው ወተት ታሽጎ ሲወጣ ደህና ነው፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ካርቶኑ ሲከፈት ይመርራል ወይም እንደ ቅጭጭ ወፍሮ ይገኛል። ስድስት ወር ይቆያል የተባለው ሁለት ወርም ላይሞላ ነው። ፋብሪካው ይህን ኪሳራ መልሶ የሚያወርደው በአርሶ አደሩ ዋጋ ላይ ነው።

ታዲያ ወተታችን የሚበላሸው የት ነው? ሁለት የተዳቀሉ ላሞች ያሉትን አንድ አርሶ አደር ለምሳሌ እንውሰድ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ 12 ሊትር ያልባል። ማሰባሰቢያው የሚከፈተው ጠዋት ብቻ ስለሆነ ወተቱ በጀሪካን ሆኖ ቤት ያድራል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 14 ሊትር ይጨመርበትና ሁሉም በአንድ ዕቃ ሆኖ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማሰባሰቢያ ይደርሳል። የማታው ወተት እስከዚያ ድረስ ሳይቀዘቅዝ 14 ሰዓት ተኩል ቆይቷል። አልኮል ሲነካው ይቆራረጣል፤ 26ቱም ሊትር ይመለሳል። እዚህ ላይ የተበላሸው 12 ሊትር ብቻ ነበር። ጤነኛውን 14 ሊትር ያስወደቀው መቀላቀሉ ነው።

አርሶ አደሩ የማታውንና የጠዋቱን ቢለያይ ኖሮ 14ቱን ሊትር ይሸጥ ነበር፤ የማታውን ደግሞ አርግቶ ቅቤና አይብ ማውጣት ይችል ነበር። ቅቤ ደግሞ እስከ ፋሲካ የሚደርስ ምርት ነው። ማሰባሰቢያው ማታም ቢከፈትና 4 ዲግሪ የሚያደርስ ማቀዝቀዣ ቢኖረው ኖሮ ደግሞ ሁሉም 26 ሊትር ይሸጥ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የመክፈቻ ሰዓት ነው። ለዚህ ደግሞ የብዙ ሚሊዮን ብር ማሽን አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ለማሰባሰቢያ ሠራተኞችም አንድ ቃል አለኝ። አልኮል የሚያስወድቀው ኩምጣጤ ብቻ አይደለም። የወለደች ላም እንገር እንዲሁም ጡቷ የታመመ ላም ወተትም ይቆራረጣል። ወተቱ የተመለሰበትን አርሶ አደር በአጭበርባሪነት ከመፈረጅ በፊት “ላሟ መቼ ወለደች? ጡቷስ አላበጠም?” ብሎ መጠየቅ ይገባል። እንዲያውም ይህ ጥያቄ የጡት በሽታን በጊዜው ለማወቅ ይረዳል።

ማንኛውም ሙቀት የማያጠፋቸው ነገሮች እንዳሉም መዘንጋት የለበትም። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት ውስጥ የሚገኘው የአንቲባዮቲክ ቅሪት በፓስቸራይዜሽን አይጠፋም፤ በዩኤችቲም አስተማማኝ ሆኖ አይወገድም። የእንስሳት ሐኪሙ ያዘዘው የመታቀቢያ ቀን እስኪያልፍ ወተቱን አለመሸጥ ብቸኛው መፍትሔ ነው። የሻገተ ፋጉሎ የበላች ላምም አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ በወተቷ ታስተላልፋለች፤ እሱንም ማፍላት አያጠፋውም። ስለዚህ ፋጉሎን ከመሬት ከፍ አድርጎ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ራሱ የወተት ጥራት ሥራ ነው።

የጀሪካን ነገርም ሳይነሳ አይታለፍም። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ ገብቶ አይፈትገውም፤ በጭረቱ ውስጥ የቀረው የትናንት ወተት የዛሬውን ያኮመጥጣል። አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ተደፍቶ ከደረቀ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። እናቶቻችን የወተት ዕቃን በወይራ ማጠናቸውም ለመዓዛ ብቻ አልነበረም፤ ጭሱ ባክቴሪያን ይቀንሳል። ሆኖም ማጠን ያልታጠበን ዕቃ አያጸዳም።

እንግዲህ ለወረዳ አመራሮች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የዩኤችቲ ፋብሪካ በብዙ ሺህ ሊትር የሚቆጠር የቀን አቅርቦት፣ የማይቋረጥ ኃይልና ልዩ ማሸጊያ ይፈልጋል። ይህ በአንድ ወረዳ አቅም የሚሆን ሳይሆን ብዙ ወረዳዎች ተባብረው የሚደርሱበት ነው። በወረዳ ደረጃ አሁን የሚቻለው ሌላ ነው። ማሰባሰቢያዎች ጠዋትና ማታ ይከፈቱ፤ ማቀዝቀዣና መጠባበቂያ ጄኔሬተር ይኑራቸው። ጥራቱ ከፍ ላለ ወተት የተሻለ ዋጋ ይከፈል፤ ጥሩው ከመጥፎው ጋር በአንድ ዋጋ ከተገዛ ማንም አይደክምም። ከዚያም ወተቱን በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የሚያሞቅ አነስተኛ የፓስቸራይዜሽን ጋን ይምጣ። ይህ ጋን በጥቂት መቶ ሊትር የሚሠራ ሲሆን በከተማው ለሚገኙ ሆቴሎችና ሆስፒታሎች ደኅንነቱ የተጠበቀ ወተት ማቅረብ ያስችላል። ማሰባሰቢያው በዓመቱ ውስጥ ስንት ሊትር በ75 በመቶ አልኮል እንዳለፈለት መዝግቦ ከያዘ፣ ፋብሪካ ለሚጠይቅበት ቀን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይኖረውም።

እስከዚያው ድረስ በየቤቱ ያለው ማሞቂያ የእኛው ምድጃ ነው። ጥሬ ወተት በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ሳይፈላ አይሰጥ። ወተቱ እየተማሰለ እስኪገነፍል ይፍላ፤ ከዚያ ተከድኖ ቶሎ ይቀዝቅዝ። እርጎም ቢሆን ከጥሬ ወተት የረጋ ከሆነ መኮምጠሩ ብቻ የብሩሴሎሲስን ጀርም አይገድልለትም። ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል አንድ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ጨምሮ ማርጋት ይቻላል። ጣዕሙ ከለመድነው ትንሽ ቢለይም ማርጋቱ ግን ይረጋል።