«ተሻሽሏል» ወይስ «ጨምሯል»? የኢንሹራንስ እድሳት ደብዳቤ የጎደለው ነገር

«ውድ ደንበኛችን፣ ከወቅታዊ የገበያ ሁኔታ ጋር በተያያዘ የአረቦን ማሻሻያ የተደረገ መሆኑን እየገለጽን፣ ለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

የመኪና ኢንሹራንስ የሚያሳድስ ሰው ይህን የመሰለ ጽሑፍ አይቶ ያውቃል። አረፍተ ነገሩ ጨዋ ይመስላል፤ ግን ምንም አይናገርም። ስንት እንደጨመረ የለም። ለምን እንደጨመረ የለም። ማን እንደወሰነው የለም። ደንበኛው ገና እሺ ሳይል ለ«ትብብሩ» ተመስግኗል። ከሁሉ የሚያበሳጨው ደግሞ «ማሻሻያ» የሚለው ቃል ነው። በዚህ አገር የመብራት፣ የነዳጅ፣ የትራንስፖርት ታሪፍ «ተሻሻለ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሕጻን ልጅ ያውቃል። የሚያውቀውን ነገር በሌላ ስም የሚጠሩለት ሰው፣ እንደ ሞኝ እንደታየ ይሰማዋል። ብዙ ጊዜ ደንበኛ የሚሸሸው ከጭማሪው በፊት ከዚህ ስሜት ነው።

ጭማሪው በራሱ ግን ሐሰት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። መኪናም፣ መከላከያም፣ የፊት መብራትም፣ የሞተር ክፍልም በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ጋራዥ የሚሰጠው ፕሮፎርማ ከፍ አለ፤ የመኪናውም የገበያ ዋጋ ከፍ አለ። ይህን ደንበኛው ከኢንሹራንስ ሠራተኛው ባልተናነሰ ያውቀዋል፤ መለዋወጫ የሚገዛው እሱ ነውና። እሱ የማያውቀው፣ ይህ ሁሉ ተጨምቆ እሱ በሚከፍለው ብር ላይ እንዴት እንዳረፈ ነው። ሊነገረው የሚገባው ያ ነው።

ለምሳሌነት ብቻ በተያዙ ቁጥሮች ነገሩን እንየው። አንድ ሰው አምና መኪናውን በ1,500,000 ብር አስመዝግቦ ሙሉ ኢንሹራንስ ገባ። ተመኑ 1.5 በመቶ ስለነበር 22,500 ብር ከፈለ። ዘንድሮ ያችው መኪና በገበያ 2,400,000 ብር ታወጣለች፤ ኩባንያውም ተመኑን ወደ 1.75 በመቶ አሳድጓል። የዘንድሮ ክፍያ 42,000 ብር ሆነ። ደንበኛው ወረቀቱን ሲያይ የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ ክፍያው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ነገር ግን የ19,500 ብሩ ጭማሪ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ድምር ነው። ተመኑ ባይነካ ኖሮ፣ የመኪናው ዋጋ ስለተስተካከለ ብቻ ክፍያው 36,000 ብር ይሆን ነበር። ስለዚህ 13,500 ብሩ ደንበኛው ተጨማሪ ዋስትና የገዛበት ነው፤ መኪናው ሙሉ በሙሉ ብትወድም የሚያገኘው ካሳ በ900,000 ብር ጨምሯል። ቀሪው 6,000 ብር ግን የተለየ ነው። እሱ በእርግጥም የዋጋ ጭማሪ ነው፤ ለዚያው ዋስትና ከአምናው የበለጠ እንዲከፈል ተደርጓል። ሁለቱን ቀላቅሎ «ዶላር ስለጨመረ ነው» ማለት የመጀመሪያው ስህተት ነው።

ምክንያቱም አስተዋይ ደንበኛ ወዲያው የሚጠይቀው አለ። «ዶላር ስለጨመረ የመኪናዬን ዋጋ ከፍ አደረጋችሁ፤ እሺ። ታዲያ ተመኑንስ ለምን ጨመራችሁ? አንዱን ምክንያት ሁለቴ ማስከፈል አይሆንም?» ጥያቄው ትክክል ነው። የመኪናው ዋጋ በተመዘገበው መጠን ላይ አንዴ ከታየ፣ ያው ምክንያት ለተመን ጭማሪ አይሠራም። ተመን ሊጨምር የሚገባው ለካሳ የሚወጣው ገንዘብ የመኪኖች ዋጋ ካደገበት በላይ ሲያድግ ነው፤ ለምሳሌ አደጋ ሲበዛ ወይም የጥገና ወጪ ከመኪና ዋጋ ቀድሞ ሲሮጥ። ኩባንያው ይህን የሚያሳይ ሒሳብ ካለው በአንድ አረፍተ ነገር ይንገር። ከሌለው ችግሩ ከደብዳቤው በፊት አለ፤ የተመን ውሳኔው ራሱ እንደገና መታየት አለበት።

ስለዚህ ደብዳቤው እንዲህ ቢሆንስ?

«ጤና ይስጥልን። የመኪናዎ ኢንሹራንስ ከአንድ ወር በኋላ ያበቃል። አምና የከፈሉት 22,500 ብር ነበር፤ ዘንድሮ 42,000 ብር ሆኗል። የጨመረው 19,500 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 13,500 ብር የመጣው መኪናዎ አሁን 2,400,000 ብር ስለምታወጣና ዋስትናዋም በዚያው ልክ ከፍ ስላለ ነው። 6,000 ብሩ ግን ድርጅታችን ተመኑን ስለጨመረ የመጣ ነው፤ ለካሳ የከፈልነው ገንዘብ የመኪኖች ዋጋ ከጨመረበት በላይ ጨምሯል። እርስዎ አምና ካሳ አልጠየቁም፤ ጭማሪው ከእርስዎ አነዳድ ጋር አይገናኝም። ክፍያው የሚቀንስባቸው መንገዶች አሉ፤ እያንዳንዱ የሚያስቀረውንም ነገር እናስረዳዎታለን። ከመወሰንዎ በፊት ይደውሉልን።»

ይህ ደብዳቤ ጭማሪውን አይደብቅም። የአምናውንና የዘንድሮውን ክፍያ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። እንግሊዝ ውስጥ ይህ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ከሚያዝያ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ነው፤ የእድሳት ማስታወቂያ ያለፈውን ዓመት አረቦን ማሳየት አለበት። ግዴታ እስኪመጣ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ደብዳቤው «ጨምሯል» ይላል፤ «ድርጅታችን ጨመረ» ይላል። ጊዜም ይሰጣል። ውሉ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚደርስ ማስታወቂያ፣ ደንበኛው ሌላ ቦታ ሳይጠይቅ እንዲከፍል የተዘየደ ይመስላል፤ ባይሆን እንኳ ይመስላል። ዘንድሮ ተጣድፎ የከፈለ ሰው ደግሞ ለከርሞ ቀድሞ ሌላ ቦታ ይጠይቃል።

ከደብዳቤው በኋላ ደንበኛው ቅርንጫፍ ይመጣል። እዚያ ሁለት ንግግሮች ይጠብቁታል።

የመጀመሪያው «አሥር ዓመት ሙሉ ከፍዬ አንድ ቀን ካሳ ጠይቄ አላውቅም» የሚለው ነው። ብዙ ሠራተኛ እዚህ ላይ ስለ ኢንሹራንስ መርህ ንግግር ይጀምራል። አያስፈልግም። ኢትዮጵያዊ ይህን ከእድሩ ያውቀዋል፤ ዘንድሮ ቤቴ ሐዘን አልገባም ብሎ መዋጮውን መልሱልኝ የሚል የእድር አባል የለም። እንዲያውም ኩባንያዎች ከእድር የሚማሩት አለ። እድር መዋጮ ሲጨምር አባላቱን ሰብስቦ፣ በሳጥን ያለው ይህ ነው፣ የድንኳኑና የቀለቡ ወጪ እዚህ ደርሷል፣ በዚህ መዋጮ አንዘልቅም ብሎ ነው። አባላቱ ያጉረመርማሉ፣ ይከራከራሉ፤ ግን የሚወጣው ጥቂት ነው። ሒሳቡ ፊት ለፊት ስለተነበበ ነው። ለአሥር ዓመቱ ደንበኛም የሚገባው መልስ አጭር ነው፦ «ልክ ነዎት ጋሼ፣ አልጠየቁም። ለዚያ የሚገባዎት ቅናሽ ይኸው እዚህ ጋ ተሰልቷል።» ቅናሹ ካለ ቁጥሩ ይታይ። ከሌለ ግን የደንበኛው ቅሬታ እውነት ስለሆነ ሠራተኛው ሊከራከረው አይገባም፤ ለበላይ ያድርሰው።

ሁለተኛው ንግግር የበለጠ አደገኛ ነው። ደንበኛው «በቃ የመኪናውን ዋጋ እንደ አምናው ተወው፤ በ1,500,000 አድስልኝ» ይላል። ሠራተኛው ደንበኛ ላለማጣት እሺ ይላል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ።

ከስድስት ወር በኋላ መኪናዋ ትጋጫለች፤ ጥገናው 320,000 ብር ነው። ብዙ ፖሊሲዎች ላይ ያለው አንቀጽ፣ ንብረቱ ከእውነተኛ ዋጋው በታች ከተመዘገበ ካሳውም በዚያው መጠን ይቀነሳል ይላል። 1,500,000 የ2,400,000 62.5 በመቶ ነው። ስለዚህ ኩባንያው 200,000 ብር ብቻ ይከፍላል፤ 120,000 ብሩ የባለመኪናው ዕዳ ይሆናል። በተመን ጭማሪው ላይ እንኳ፣ ዋጋውን ባለማስተካከሉ ያስቀረው 15,750 ብር ነበር። ይህ ሰው ያን ቀን «አጭበረበሩኝ» ብሎ ይወጣል፤ ለዘመድ ለጓደኛም ይናገራል። አንድ ደንበኛ በእድሳት ቀን ከማጣት፣ በካሳ ቀን ከነዘመዶቹ ማጣት ይብሳል።

ስለዚህ አማራጭ ሲሰጥ ከነዋጋው ይሰጥ። ከእያንዳንዱ ጉዳት ባለመኪናው ራሱ የሚችለውን ድርሻ ከፍ ማድረግ አረቦኑን ሊቀንስ ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ትናንሽ ግጭቶችን ከኪስ መሸፈን ነው። የማያስፈልግ ተጨማሪ ሽፋን ካለ ማውጣት ይቻላል። ወደ ሶስተኛ ወገን ብቻ መውረድም ይቻላል፤ ያኔ ግን የራሱ መኪና ስትጎዳ ምንም አይከፈለውም። ዋጋውን አሳንሶ ማስመዝገብ የሚፈልግ ካለ ደግሞ፣ ከላይ ያለው የ120,000 ብር ስሌት በወረቀት ላይ ተሠርቶ ይታየው። አይቶ ከወሰነ የራሱ ውሳኔ ነው።

ቃላት ሊጠግኑት የማይችሉት አንድ ነገር ግን አለ። ነባሩ ደንበኛ በ1.75 በመቶ እያደሰ፣ ለተመሳሳይ መኪና ትናንት የመጣው አዲስ ደንበኛ በ1.4 በመቶ ከገባ፣ ምንም ዓይነት ትሁት ደብዳቤ አይሠራም። እንግሊዞች ይህንንም ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመኪናና በቤት ኢንሹራንስ ላይ ከልክለውታል፤ ነባር ደንበኛ ሲያድስ በዚያው የሽያጭ መንገድ ከመጣ ተመሳሳይ አዲስ ደንበኛ በላይ አይከፍልም። አዲስ ደንበኛ ለመሳብ ዋጋ የሚሰብሩ ኩባንያዎች ባሉበት ገበያ፣ ነባሩ ይህን ልዩነት የሚሰማው ከጎረቤቱ ነው።

ማብራሪያው እንደሠራ ማወቂያው ቀላል ነው። ከቅርንጫፍ የወጣውን ደንበኛ በር ላይ አንድ ሰው «ለምን ጨመረብህ?» ቢለው «ዶላር ነው አሉኝ» ካለ አልተነገረውም። «ይህን ያህሉ የመኪናዬ ዋጋ ስላደገ፣ ይህን ያህሉ እነሱ ስለጨመሩ ነው» ካለ ግን ገብቶታል። ቅር ብሎት ይሆናል፤ ሌላ ቦታም ሄዶ ዋጋ ይጠይቅ ይሆናል። የሚያወዳድረው ግን በልቡ ቂም ይዞ ሳይሆን ቁጥርን ከቁጥር ነው፤ ዋጋው ትክክል የሆነ ኩባንያ ደግሞ ከዚህ ንጽጽር የሚፈራው ነገር የለም።